በጉዲፈቻና በሞግዚትነት ስም ሲቀየር የትኛው ወረቀት ይቀየራል?

ትዕግስት (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴን ሁለት ልጆች እያሳደግኩ ነው። ሁለቱም ቨርጂኒያ ነው የተወለዱት፤ አባታቸው ግን ይለያያል። ትንሹ 7 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር እዚህ ሜሪላንድ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻው ጸድቆልን ላስት ኔሙ የባለቤቴ ሆኗል። ትልቋ 15 ናት። አባቷ ኢትዮጵያ ስለሚኖር ለእሷ ያገኘነው ሞግዚትነት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ግን እሷም በእኛ ስም ነው የምትጠራው። ከየት ልጀምር? ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ፓስፖርት፣ ኢንሹራንስ... የሁለቱንም አንድ ላይ መጨረስ ይቻላል?

ጋሽ ታደሰ፦
እንኳን ደስ አላችሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ውሳኔውን ኮፒ አድርገሽ ኖተራይዝ አስደርጊና ሶሻል ሴኩሪቲ ውሰጂው። ቁጥሩ አይነካም፤ ካርዱ ላይ ስሙ ብቻ ይቀየራል። የልደት ሰርተፊኬቱን እዚያው ሜሪላንድ ጠይቂ። ለልጅቷም ያንኑ አድርጊ። የዳኛ ፊርማ የዳኛ ፊርማ ነው።

ሰብለ፦
ትዕግስትዬ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው፤ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ጋሽ ታደሰ ስለ ቁጥሩ ልክ ብለዋል። በሌላው ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም።

ኖተራይዝ የተደረገ ኮፒ ሶሻል ሴኩሪቲ አይቀበልም። የሚፈልጉት ውሳኔው ያለበት ፍርድ ቤት ራሱ ማህተም አድርጎ የሚሰጠውን ሰርቲፋይድ ኮፒ ነው። ሦስት አራት አውጪ፤ ፓስፖርት ክፍል ያስገባሽው ቶሎ አይመለስልሽም።

ኮፒውን ስትቀበይ እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመሽ አንብቢው። የድሮው ስም፣ አዲሱ ስምና የልደት ቀኑ አሉበት? አንዳንድ ውሳኔ አዲሱን ስም ብቻ ይጽፋል። እንዲህ ከሆነ፣ ካርዱ ላይ ያለው ልጅና ውሳኔው ላይ ያለው ልጅ አንድ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም፤ ጸሐፊዋ ትመልስሻለች። የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ የስፔሊንግ። ባልሽ መንጃ ፈቃዱ ላይ Biruk ከሆነ ውሳኔው ላይ Bruk ተብሎ ከወጣ፣ ያንን ለማስተካከል እንደገና ፍርድ ቤት ነው የምትመለሺው።

የልደት ሰርተፊኬቱ የሚታደሰው ልጁ በተወለደበት ግዛት ነው፤ ጉዲፈቻው የጸደቀበት ግዛት አይደለም። ስለዚህ ሜሪላንድ ሳይሆን ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ቫይታል ሬኮርድስ ነው ጉዳዩን የሚይዘው። ጉዲፈቻውን የሚገልጽ ፎርም ከሜሪላንድ ወደዚያ መላክ አለበት። ብዙ ሰው ወር ሙሉ የሚጠብቀው ያ ፎርም ሳይላክ ቀርቶ ነው። ጠበቃሽን «ተልኳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ የተላከበትንም ቀን ያዢ። አዲሱ ሰርተፊኬት ላይ አዲሱ ስም ይሰፍራል፤ ወላጆች በሚለው ቦታ ደግሞ አንቺና ባለቤትሽ ትገባላችሁ። የተወለደበት ቀንና ቦታ እንዳለ ይቆያል። የድሮው ታሽጎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በእጅሽ ያለውን አትጣዪው። የክትባት ካርዱና የቀድሞ ሐኪሙ ፋይል በድሮው ስም ነው ያለው፤ ሁለቱን የሚያያይዝልሽ እሱ ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ ግን ሪችመንድን መጠበቅ የለብሽም። በውሳኔው ሰርቲፋይድ ኮፒ SS-5 ሞልተሽ መግባት ትችያለሽ፤ ክፍያ የለውም። የወላጆችንም ስም አብረሽ አስቀይሪ። ፓስፖርቱን ግን አዲሱ ሰርተፊኬት ከመጣ በኋላ ብታደርጊው ይሻላል፤ ወላጅነታችሁን በአንድ ወረቀት ታሳያላችሁ። ፎርሙ DS-11 ነው፤ ልጁ ከ16 በታች ስለሆነ ባልሽም ልጁም አብረውሽ መቅረብ አለባቸው።

ከሁሉም በፊት ግን ኢንሹራንሱ። በባልሽ ወይም በአንቺ መሥሪያ ቤት በኩል ከሆነ፣ ለጉዲፈቻ የሚሰጠው የመመዝገቢያ ጊዜ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ነው። «ባለፈው ወር» ካልሽ ቀኑን ዛሬውኑ ቁጠሪ። አዲስ ካርድም አዲስ ሰርተፊኬትም አያስፈልግም፤ በውሳኔው ማስመዝገብ ይቻላል።

ማርታ፦
እኔ ልጄን በጉዲፈቻ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣኋት፣ ለውጭ መስጠት ሳይከለከል በፊት። የእሷን የልደት ወረቀት ማን ይቀይርልኛል? ቀበሌ ሂጂ ይሉኛል።

ሰብለ፦
ማርታ፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። የአሜሪካ ዳኛ የኢትዮጵያን መዝገብ ሊቀይር አይችልም። ብዙ ግዛቶች ግን ውጭ አገር ለተወለደ የጉዲፈቻ ልጅ የራሳቸውን የልደት ሰርተፊኬት ያወጣሉ። ስምሽና የልጅሽ ስም እዚያ ላይ ይገባል፤ የተወለደችበት ቦታ ግን አዲስ አበባ ሆኖ ይቀራል። የምትኖሪበትን ግዛት ቫይታል ሬኮርድስ ጠይቂ። ዜግነቷን የሚያረጋግጠው ወረቀት ለብቻው ነው።

ዮናስ፦
ታክስ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ኢ-ፋይል ስታደርጉ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር የሚተያዩት ቁጥሩና የላስት ኔሙ የመጀመሪያ አራት ፊደሎች ናቸው። ልጁ Tesema ከነበረ፣ አሁን Alemu ብላችሁ ካስገባችሁና ሶሻል ሴኩሪቲ ገና ካልቀየረ፣ ውድቅ ሆኖ ይመለሳል። ካርዱ እስኪቀየር በድሮው ስም ሙሉ። እኛ ቤት በየካቲት የተላከው እስከ ሚያዝያ የቆየው በዚሁ ነው።

ትዕግስት፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ሰብልዬም በጣም። ኢንሹራንሱ ዛሬ ነው የሚያልቅብኝ፤ አሁን ልደውል ነው። የልጅቷስ? ትምህርት ቤት እኮ ምንም ሳይሉ ነው የጻፉት።

ሰብለ፦
ትምህርት ቤት የሚጠራበትን ስም ዝርዝር ላይ መጻፍ ይችላል። ትራንስክሪፕትና ዲፕሎማ ግን ሕጋዊውን ስም ነው የሚከተሉት።

ሞግዚትነት ስም አይቀይርም፤ ወላጅም አይቀይርም። ያ ትዕዛዝ ለልጅቷ እንድትፈርሚላት፣ ትምህርት ቤት እንድታስመዘግቢያት፣ ሐኪም እንድትወስጃት ነው ሥልጣን የሚሰጥሽ። የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ እናትና አባቷ እንዳሉ ናቸው፣ ወደፊትም ይኖራሉ። ስሟን ለመቀየር ለብቻው የስም ለውጥ አቤቱታ ሰርኪዩት ኮርት ማስገባት ነው ያለብሽ። ዳኛው ከፈቀደ ቨርጂኒያ የእሷን ስም ብቻ ያስተካክላል። የትንሹን ሰርተፊኬት ከእሷ ጋር ብታስተያዪው እሱ ላይ የአንቺ ስም በእናት ቦታ አለ፤ እሷ ላይ አይኖርም።

ጋሽ ታደሰ፦
አባትየው ኢትዮጵያ ነው ተብሏል። ምን ያውቃል?

ሰብለ፦
ለዚህ ነው የሚከብደው ጋሽ ታደሰ። ስሙ የእሱ ነው። ፍርድ ቤቱ አባትየው እንዲያውቅ እንዲደረግ ይፈልጋል፤ አባትየው መቃወምም ይችላል። ደግሞም 15 ዓመቷ ነው፤ ዳኛው እሷንም ሊጠይቃት ይችላል። ትዕግስት፣ እሷስ ምን ትላለች? የአባቷን አድራሻ ታውቂያለሽ?

ትዕግስት፦
ስልኩ አይሠራም። ዘመዶቹ ጎንደር ያሉ ይመስለኛል። እሷ አንዳንዴ የእኛን ስም ትፈልጋለች፣ አንዳንዴ ደግሞ «የአባዬ ስም ይቆይ» ትላለች።

ሰብለ፦
እንግዲያው አቤቱታውን አትቸኩዪ። አባትየውን ለማግኘት የሞከርሽበትን ሁሉ ግን ጻፊ፤ ለማን ደወልሽ፣ መቼ፣ ምን አሉሽ። ዳኛው አድራሻ የለኝም በሚል ቃል ብቻ አይረካም። ምን ያህል ሙከራ ይበቃዋል የሚለው ከዳኛ ዳኛ ይለያያል፤ እዚያ ላይ ጠበቃ አማክሪ።

ዮናስ፦
ለርነርስ ፐርሚት ግን ደርሳለች እኮ። ሜሪላንድ ላይ 15 ዓመት ከ9 ወር ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ኤምቪኤ የሚያየው የልደት ሰርተፊኬቷንና ሶሻል ሴኩሪቲዋን ነው፤ የትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ ያለው ስም ከነዚያ ጋር ካልገጠመ ግራ መጋባት ይመጣል። ለጊዜው በአባቷ ስም ብታወጪላት ይሻላል፤ በኋላ ስሙ ከተቀየረ ያስተካክላሉ።