አብራን የምታድር የቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓቷ የሚያበቃው መቼ ነው?

ጠያቂዋ፦ የቤት ሠራተኛችን ከእኛ ጋር ታድራለች። ባለቤቴ «አብራን እየኖረች ሰዓት መቁጠር ትርጉም የለውም» ይላል፤ እኔን ግን አልተዋጠልኝም። የምትንከባከበው ሕፃን ልጅ አለን፤ በዚያ ላይ የ9 ዓመት ልጃችን «ውሃ አምጪልኝ፣ ጫማዬን ፈልጊልኝ» እያለ ያዛታል። ይህ አግባብ ነው ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፦ እኔ በባለቤትዎ ሐሳብ እስማማለሁ። ቤት ውስጥ የምትኖር ሰው ሥራዋ እንደ ቢሮ ሥራ በደወል ተጀምሮ በደወል የሚያበቃ አይደለም፤ ሕፃኑ ሲተኛ ታርፋለች፣ ሲነቃ ትነሣለች። የቤት ኪራይ አትከፍልም፣ የምግብም ወጪ የለባትም፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ደመወዟ ከሚመስለው በላይ ነው። ልጆችን በተመለከተ ግን እኅት እንድትሆናቸው እንጂ አገልጋይ እንድትሆናቸው አልፈቅድም፤ ቤተሰብ ናትና።

በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር የሠራ፦ ወንድሜ፣ ሥራው በደወል እንደማይጀመር የተናገሩት እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሰዓቱ አይቆጠርም ማለት ግን አይቻልም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው 189ኛው ስምምነት ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል፤ በዕረፍቷም ሆነ በዓመት ፈቃዷ እዚያው ቤት እንድትቆይ ማስገደድ አይቻልም። አብሮት የወጣው 201ኛው የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ አሠሪው እሱ ባዘጋጀው ቦታ እንድታድር የሚያስገድዳት ከሆነ፣ እሷ ካልተስማማች በቀር፣ ስለ መኝታው ከደመወዟ እንዳይቀነስ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሌሊት ስትጠሩ እንድትሰማችሁ የተሰጠ አልጋ ከእሷ ይልቅ የሚጠቅመው ቤቱን ነው። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው፤ ሆኖም ሚዛኑን ለማወቅ የግድ መገደድ አያስፈልግም።

እኅቴ፣ ጥያቄዎ የሚፈታው ቀኗ ሲጻፍ ነው። የአንድ ቀን ውሎዋን ሊገልጹልን ይችላሉ?

ጠያቂዋ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ትነሣለች። እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ቁርስ፣ ጽዳት፣ ልብስ ማጠብና ምሳ አለ። ግማሽ ሰዓት ለምሳዋ ትቀመጣለች። ከ7፡30 እስከ 9፡30 ሕፃኑ ስለሚተኛ ሥራ የላትም፤ ነገር ግን እኛ ሥራ ላይ ስለምንሆን ከቤት መውጣት አትችልም። ከዚያ እስከ ምሽቱ 1፡30 ከልጆቹ ጋር ናት፤ እራት አቅርባና ዕቃ አጥባ 3 ሰዓት ላይ ትተኛለች። ሌሊት ሕፃኑ ሁለት ጊዜ ይነቃል፤ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ያህል ታባብለዋለች። እሑድ ሙሉ ዕረፍቷ ነው።

በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር የሠራ፦ እንግዲህ አብረን እንቁጠረው። እስከ 7 ሰዓት ያለው 7 ሰዓት ነው፤ ከ9፡30 እስከ 1፡30 ያለው 4፣ እራቱ አንድ ተኩል፣ ሌሊቱ አንድ፤ በድምሩ 13 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በስድስት ቀን ሲባዛ 81 ሰዓት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1919 በፋብሪካ ሥራ የተጀመረው የ48 ሰዓት ሳምንት መለኪያ ቢደረግ እንኳ 33 ሰዓት ይበልጣል። ደመወዟ ለ48 ሰዓት ታስቦ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት የምታገኘው ከሚገባት ከአሥር ስድስት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ሕፃኑ ተኝቶ የምትጠብቅበትን ሁለት ሰዓት ገና አልነካሁትም።

የሦስት ልጆች አባት፦ በዚያች ሰዓት እኮ ጋደም ትላለች! ጋደም ማለትም ሥራ ሊባል ነው?

በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር የሠራ፦ የሚለየው ጋደም ማለቷ ሳይሆን በጊዜዋ ማዘዝ መቻሏ ነው። በሩን ዘግታ ገበያ ልትሄድ ከቻለች ዕረፍት ነው፤ ካልቻለች በተጠባባቂነት ላይ ናት። ለዚህ ጊዜ ሙሉ ክፍያ ይገባል ወይስ ከፊል የሚለውን ስምምነቱ ራሱ ለየአገሩ ሕግ ትቶታል፤ እኔ ቢያንስ ከፊል ክፍያ ይገባዋል እላለሁ።

አረጋዊ እናቱን የሚያስጦር፦ በእኛ ቤት ሠራተኛዋ ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች፤ እናቴም በጣም ትወዳታለች። እውነተኛ ፍቅር ካለ የሰዓት ጉዳይ አይነሣም፤ ዋናው ነገር ታማኝ ሰው ማግኘት ነው።

በሰው ቤት ሠርታ ያደገች፦ የተጠየቀው ስለ ታማኝነት አይደለም፤ ነገር ግን ያነሡት ነገር ከጥያቄው ጋር ይገናኛል። ከሕመምተኛ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር ሰው ሌሊቱን ሙሉ በተጠባባቂነት ላይ ነው፤ እናትዎ ቢወዷትም እንቅልፏ የእሷ አይደለም።

እኔ በሠራሁበት ቤት ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ይሁን እንጂ ከተኛሁ በኋላ ትልቁ ልጅ ሳያንኳኳ ገብቶ መብራት እያበራ ደብተሩን እንድፈልግለት ይጠይቀኝ ነበር። ወላጆቹ እኅቴ እንዲለኝ ስለነገሩት ይህ ጨዋነት ይመስላቸው ነበር። ወላጆቹ ሥራው አብቅቷል ቢሉም ልጁ የማዘዝ መብት እስካለው ድረስ የሥራ ሰዓቴ አያበቃም ነበር፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ የሚሆኑብኝ። የ9 ዓመት ልጅ ውሃ ቀድቶ መጠጣት፣ ሳህኑን ማንሣት፣ አልጋውን ማንጠፍና ጫማውን መፈለግ ይችላል። ለሕፃኑ የምትሠራው ሥራ የእንክብካቤ ሥራ ነው፤ ለትልቁ የምታደርገው ግን አብዛኛው እሱ ያልለመደው የራሱ ሥራ ነው።

ሌላው ደግሞ ሥልጣን ነው። ልጁ «ለእናቴ እነግርብሻለሁ» ማለት ከጀመረ፣ የተከለከለውን ነገር ከእርስዎ እንደሚያገኝ ተምሯል ማለት ነው። እሷ ቴሌቪዥኑን ዝጋ ብላው ከሆነ፣ እርስዎ ባይስማሙበት እንኳ በፊቱ አይሻሩባት፤ ለብቻዋ ያነጋግሯት። ቢሰድባት ይቅርታ የሚጠይቀው እሷን እንጂ እናቱን አይደለም።

የሦስት ልጆች አባት፦ ስለ ልጆቹ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ክፍላቸውን ራሳቸው እንዲያነሡ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። በሰዓቱ ላይ ግን እንዲህ ከተባለ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሠራተኛ መቅጠር አይችልም።

በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር የሠራ፦ ችግሩ እውነት ነው፤ መክፈል ካልተቻለ ግን የሚቀነሰው ሥራው ነው። በዚህ ቤት ሌሊቱን ወላጆች በተራ ቢይዙና እራቱን ከነዕቃ ማጠቡ ቢሠሩ ከ81 ሰዓት ወደ 66 ይወርዳል። የምትነሣው በ1 ሰዓት ቢሆን 60 ይሆናል። የቀረው 12 ሰዓት እንደ ትርፍ ሰዓት ይከፈላል፤ ወይም የቅዳሜ ከሰዓት ተጨምሮ የተወሰነው በዕረፍት ይካካሳል።

ጠያቂዋ፦ ሌሊቱንና እራቱን ከባለቤቴ ጋር መካፈል እንችላለን፤ ልጄም ከነገ ጀምሮ የራሱን ዕቃ ያነሣል። በተጠባባቂው ሰዓት ላይ ግን ባለቤቴን ማሳመን የምችል አይመስለኝም።

በሰው ቤት ሠርታ ያደገች፦ ከባለቤትዎ በፊት እሷን ያነጋግሯት። ምናልባት ከቅዳሜ ከሰዓት ይልቅ ትርፍ ክፍያውን ትመርጥ ይሆናል፤ ምናልባትም ማታ ትምህርት ልትጀምር የምትፈልግ ሊሆን ይችላል። የተስማማችሁበትን በሁለት ቅጂ ጻፉት፣ አንዱ ከእሷ ጋር ይቀመጥ። ለአንድ ወርም የምትጀምርበትንና የምታበቃበትን ሰዓት ራሷ ትመዝግብ።