የክላይሜት ፕሮጀክሽን ግራፍ እንዴት ነው የሚነበበው? ዝናቡ ይጨምራል ነው ይቀንሳል የሚለው?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ለአነስተኛ መስኖ ፕሮፖዛል እየጻፍኩ ነው፣ ትንሽ ግድብና ቦይ፣ ወደ 25 ዓመት እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ለጋሾቹ የክላይሜት ፕሮጀክሽን አስገቢ አሉኝና የዓለም ባንክን የክላይሜት ፖርታል ከፍቼ ግራፍ አወጣሁ። መካከለኛ ልቀት የሚያሳየው SSP2-4.5 እና በጣም ከፍተኛ ልቀት የሚያሳየው SSP5-8.5 የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፣ በየመስመሩ ዙሪያ ሰፊ ጥላ አለ። የሙቀቱ እስከ 2050 ድረስ ሁለቱም ተደራርበዋል፣ የዝናቡ ጥላ ደግሞ ከዜሮ በታች ይጀምርና ከዜሮ በላይ ይወጣል። የትኛውን ቁጥር ነው የምጽፈው?

ኢንጂነር ከሰሜን፦
እህቴ ብዙ አትጨነቂ። ጥላው የመጣው ዓለም ወደፊት ምን ያህል ጋዝ እንደሚለቅ ስለማይታወቅ ነው። SSP5-8.5ን ያዢ፣ አሁን ዓለም እየሄደበት ያለው እሱ ነው፣ ለዲዛይን ደግሞ ከባዱን መያዝ አይጎዳም።

ውሃ ነክ፦
ለዲዛይን ከባዱን ማየት ያልከው ትክክል ነው፣ የጥላው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። በአንዱ መስመር ውስጥ ልቀቱ የታወቀ ነው፣ ሁሉም ሞዴሎች የሚሰጣቸው ያው አንድ የልቀት መንገድ ነው። ጥላው የሚሰፋው ያንኑ ጋዝ ተቀብለው አንዱ ሞዴል ብዙ ስለሚሞቅ ሌላው ትንሽ ስለሚሞቅ ነው፣ በተለይ ደመናው ሙቀት ሲጨምር ምን እንደሚሆን ላይ አይስማሙም። የልቀቱ ጉዳይ የሚታየው በሁለቱ መስመሮች መሃል ባለው ርቀት ነው። ሲናሪዮ ማለት ደግሞ ትንበያ አይደለም፣ ሰዎች እንዲህ ቢያደርጉ ምን ይመጣል የሚል ነው፣ ሲናሪዮዎቹ ሲዘጋጁም የትኛው መንገድ ስንት ፐርሰንት ዕድል አለው የሚል ፕሮባቢሊቲ አልተሰጣቸውም።

በቁጥር ላሳይሽ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል የሆነው አይፒሲሲ በ2021 ያወጣውን ሪፖርት የዓለም አማካይ ሙቀት እንይ። ከ2021 እስከ 2040 SSP2-4.5 የሚሰጠው 1.5 ዲግሪ ነው፣ SSP5-8.5 ደግሞ 1.6፣ ማለትም ምንም ያህል አይለያዩም። ከ2081 እስከ 2100 ግን አንዱ 2.7 ሌላው 4.4 ነው። ምክንያቱ በአየር ላይ ያለው ካርቦን እስካሁን የተጠራቀመ ስለሆነ የሚቀጥሉትን ጥቂት አስርት ዓመታት የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው፣ ዛሬ የሚወሰነው የልቀት ምርጫ ልዩነት ቆይቶ ነው የሚታየው። አሁን ጥላውን እዪ፣ ለክፍለ ዘመኑ መጨረሻ SSP2-4.5 ብቻውን ከ2.1 እስከ 3.5 ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ስፋት በአንድ ልቀት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ያንቺ ግድብ 25 ዓመት ከሆነ ለሙቀቱ የሲናሪዮ ምርጫው ብዙም አይለውጥብሽም፣ ሁለቱ መስመሮች የተደራረቡትም ለዚህ ነው፣ ስህተት አይደለም። SSP5-8.5 የምንሄድበት መንገድ ነው የሚለውን ግን እዚህ ላርመው፣ እሱ የድንጋይ ከሰል አጠቃቀም እጅግ የሚያድግበት ዓለም ነው፣ አይፒሲሲ ራሱም በኢነርጂው ዘርፍ ካለው ለውጥ አንጻር ዕድሉ ዝቅተኛ ተደርጎ እንደሚታይ ጽፏል። ለመፈተኛ ይጠቅማል እንጂ "የሚሆነው ይሄ ነው" ተብሎ አይጻፍም።

ኢንጂነር ከሰሜን፦
እሺ ተቀብያለሁ፣ ግን ጥላው ዳርና ዳር ነው ወይስ ከዛም ሊያልፍ ይችላል?

ውሃ ነክ፦
ሊያልፍ ይችላል። ፖርታሉ ላይ ያለው ጥላ ከ10ኛ እስከ 90ኛ ፐርሰንታይል ነው፣ ማለትም ከአስር ሞዴል አንዱ ያህል ከታችኛው ጠርዝ በታች ነው፣ ሌላ አንድ ያህል ደግሞ ከላይኛው በላይ። የአይፒሲሲው ከ5 እስከ 95 ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ይሄን አስተውዪ። ደግሞ ከምን ጋር እንደተወዳደረ እዪ፣ አይፒሲሲ የዓለም ሙቀት ሲል ከ1850–1900 ነው የሚቆጥረው፣ ፖርታሉ ከ1995–2014። በዓለም ደረጃ በሁለቱ መሃል 0.85 ዲግሪ አለ፣ ይሄን ሳያዩ ሁለት ሪፖርት የሚያደባልቁ ብዙ አይቻለሁ፣ እዛው ላይ ነው አብዛኛው ስህተት። ዓመተ ምህረቱም በፈረንጆች ነው፣ ቀበሌ ስታቀርቢ 2050 ስትይ የኛ 2042 መሆኑን ጻፊ አለበለዚያ ገበሬው ሌላ ነገር ነው የሚረዳው።

የሐይቅ ገበሬ ልጅ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ አባቴ ማሽላ ነው የሚዘራው። በዚህ ግራፍ የዘንድሮ ክረምት ቶሎ ይገባል ወይስ ይዘገያል የሚለውን ማየት ይቻላል?

ውሃ ነክ፦
አይቻልም ወንድሜ። እዛ ላይ ያለው የ20 ዓመት አማካይ ነው፣ አንድ ዓመት ከአንድ ዓመት የሚለያይበት ነገር በአማካዩ ውስጥ ይጠፋል፣ መስመሩ ለስላሳ የሆነውም ለዛ ነው። ለአባትህ የሚጠቅመው የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምት በፊት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ነው፣ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች እያለ ከነዕድሉ የሚሰጠው። እሱም ቢሆን ለአካባቢ ነው እንጂ ለአንድ ማሳ አይደለም።

ያቤሎ፦
እኔ ቦረና ነኝ፣ እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ሞዴሎቹ ለምስራቅ አፍሪካ ዝናብ ይጨምራል ይላሉ፣ እኛ ጋ ግን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ከብት አለቀ። ታዲያ ይሄን ግራፍ ለምን ይታመናል?

ውሃ ነክ፦
ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፣ ተመራማሪዎችም የሚከራከሩበት ነው። የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ከ1980ዎቹ ወዲህ ባብዛኛው የመቀነስ አዝማሚያ አሳይቷል፣ ሞዴሎቹ ግን ወደፊት መጨመር ነው የሚሉት። አንዳንዱ ቅነሳው የውቅያኖስ የተፈጥሮ መዋዠቅ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሞዴሎቹ ላይ ስህተት አለ ይላል፣ አልተዘጋም። ስለዚህ ለቦረና "ዝናብ ይጨምራል" የሚለውን ብቻ ይዞ የውሃ ጉድጓድ ዕቅድ መቀነስ አደገኛ ነው።

የቦርከና ልጅ፦
በጣም ገባኝ አመሰግናለሁ። ግን ፎርሙ አንድ ቁጥር ነው የሚጠይቀው፣ ለዝናብ የመሃሉን ሚዲያን ልጻፍ?

ውሃ ነክ፦
ለዝናብ ብቻውን አትጻፊው። ግማሹ ሞዴል ይቀንሳል ግማሹ ይጨምራል ካለ መሃሉ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ አንባቢው ደግሞ "ምንም አይለወጥም" ብሎ ያነበዋል፣ ከሞዴሎቹ ምናልባት አንዱም እንኳ እንደዛ አላለም። እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ዓመታዊውን ትተሽ በልግና ክረምትን ለየብቻ አውጪ፣ ወሎ ላይ በልጉ ሲቀንስ ክረምቱ ሲጨምር ዓመታዊው ድምር ይደብቀዋል። ከዛ ዲዛይኑን ሁለት ጊዜ አስሊ፣ በደረቁ ጠርዝ ግድቡ ይሞላል ወይ፣ ስንት ሄክታር ያጠጣል፣ በእርጥቡ ጠርዝ ደግሞ ማስተንፈሻው ጎርፉን ያሳልፋል ወይ። አማካይ ዝናብ ቢቀንስ እንኳ አንድ ቀን የሚጥለው ከባድ ዝናብ ሊጨምር ይችላል፣ አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 7 ፐርሰንት ተጨማሪ እርጥበት ይይዛልና፣ ስለዚህ ማስተንፈሻውን በደረቁ ቁጥር እንዳታሳንሺው። ፎርሙ ላይ "ከ… እስከ…፣ ሞዴሎቹ በአቅጣጫው አይስማሙም" ብለሽ ከነሲናሪዮውና ከነማነጻጸሪያ ዓመቱ ጻፊ።

ኢንጂነር ከሰሜን፦
እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ገምጋሚው ሁለት ቁጥር ሲያይ ፕሮጀክቱን ይጥለዋል። የድሮውን ዝናብ በደንብ የደገሙትን ሞዴሎች ብቻ መርጠሽ ጠበብ ያለ ጥላ ብታቀርቢስ?

ውሃ ነክ፦
የሚሰራበት መንገድ ነው፣ እኔ ግን ለበልግ አልደፍርም። ያለፈውን የደገመ ሞዴል ለወደፊቱም ልክ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ደግሞ ብዙ ሞዴሎች ኮድ ስለሚጋሩ አምስት መረጥኩ ስትል በውስጡ ሁለት ወይ ሦስት ብቻ ሊሆን ይችላል። ብትመርጥም የተጣሉት ምን ይሉ እንደነበር አብሮ መጻፍ አለበት።

የቦርከና ልጅ፦
በልግና ክረምቱን ለይቼ ላውጣውና ነገ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ የኮምቦልቻ ጣቢያ የድሮ የዝናብ መዝገብ ያለው ሰው ካለ ደግሞ በውስጥ ይጻፍልኝ።