ማኛና ሰርገኛ ጤፍ ቀላቅሎ መሸጥ፦ ኪሎው ስንት ይሁን? ደግሞስ ተገቢ ነው?

ጠያቂው፦ «2 ኩንታል ማኛ በ15,000፣ 3 ኩንታል ሰርገኛ በ12,000 ብር ሒሳብ ገዛሁ። ሱቄ ውስጥ ቀላቅዬ በኪሎ ልሸጥ ነው። 15 በመቶ ማትረፍ እፈልጋለሁ። ኪሎውን ስንት ልበል?»

ቶሎ መላሽ፦ ምን ያስቸግራል? አንዱ ኪሎ 150፣ ሌላው 120 ነው። መሃሉ 135። 15 በመቶ ጨምርበት፣ 155 ብር ከ25። አለቀ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አላለቀም። መሃሉን መውሰድ የሚቻለው እኩል እኩል ቢቀላቅል ነበር። እሱ ግን ሰርገኛ አብዝቷል። ያወጣው 30,000 እና 36,000፣ በድምሩ 66,000 ብር ነው። ለ500 ኪሎ ሲካፈል 132 ይመጣል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 151.80 ነው። ግን 15 በመቶው ከምን ላይ ነው? ከሽያጩ ላይ ከሆነ 132ን ለ0.85 ታካፍላለህ፣ 155.29 ይሆናል።

ቶሎ መላሽ፦ በለው! እኔም 155 ነው ያልኩት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አጋጣሚ ነው ወንድሜ። ነገ ማኛውን አብዝቶ ቢቀላቅል በአንተ መንገድ ያሰበውን 15 በመቶ አያገኝም።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦ ይቅርታ፣ ሩዝ ነው በቆሎ የምትቀላቅሉት? ባለፈው የገዛሁት ዱቄት እንጀራው በማግስቱ እየተሰባበረ ደንበኛ አሳጣኝ። እንዲህ የሚያደርገውን ሰው ጭራሽ መሸጥ መከልከል ነው!

ወፍጮ ቤት ያለው፦ እህቴ፣ እዚህ ሁለቱም ጤፍ ነው፣ ሩዝ የለበትም። ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ሁላችሁም 500 ኪሎ ገዝቶ 500 ኪሎ የሚሸጥ አስመሰላችሁት። ጤፍ ይበጠራል። አፈሩ፣ ገለባው፣ እንክርዳዱ ይወጣል። ከ100 ኪሎ 4 ኪሎ ቢወጣ የሚሸጠው 480 ነው። ለመኪናና ለተሸካሚ 1,500 ብር ጨምሩ። ወጪው 67,500 ደረሰ። 15 በመቶ ሲጨመርበት 77,625። ለ480 ሲካፈል ወደ 162 ብር ነው። በ151.80 ቢሸጥ ግን የሚገባለት 72,864 ነው። 10,125 አተርፋለሁ ያለው ሰው እጁ ላይ የሚቀረው 5,364 ብር ብቻ ነው።

ጠያቂው፦ ስለዚህ 162 ልበል?

ሸማቹ፦ ቆይ እንጂ! ሰፈርህ ውስጥ ማኛና ሰርገኛ ለየብቻ ስንት ነው?

ጠያቂው፦ ማኛ 168፣ ሰርገኛ 138።

ሸማቹ፦ እንግዲያው እኔ ራሴ 2 ኪሎ ማኛና 3 ኪሎ ሰርገኛ ገዝቼ ቤቴ ብቀላቅል 750 ብር አወጣለሁ። ኪሎው 150 ነው። አንተ 162 የምትሸጥልኝ «ማኛ ነው» ብለህ ካላሳመንከኝ በስተቀር እንዴት ነው? 12 ብሯ የእኔ አለማወቅ ዋጋ ናት። በአዋጅ 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ጆንያው ላይ «ድብልቅ» ብለህ ጻፍ፣ ከዚያ የፈለግከውን ዋጋ ጥራ።

ቶሎ መላሽ፦ ሰርገኛ እኮ ራሱ ነጭና ቀይ የተደባለቀበት ነው! ገበሬው ሲቀላቅል ዝም፣ ነጋዴው ሲቀላቅል ወንጀል?

ሸማቹ፦ ሰርገኛው በሰርገኛ ዋጋ ስለሚሸጥ ነዋ። የሚያናድደኝ ፊቱ ማኛ ሆዱ ሰርገኛ የሆነው ጆንያ ነው። ከላይ አይቼ አልገዛም። ከመሃል አስወጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ በትኜ ቀዩን ፍሬ አያለሁ። ተፈጭቶ ከመጣ ግን እኔም አላውቀውም።

ጠያቂው፦ የጎረቤቶቼ ግን ያልተበጠረ ነው። የእኔ ተበጥሮ ለወፍጮ የተዘጋጀ።

ወፍጮ ቤት ያለው፦ ይሄ ለውጥ ያመጣል። ያልተበጠረው 150 ከሆነ፣ ንጹሑ 150 ሲካፈል ለ0.96 ነው፤ ከ156 ብር ትንሽ ያልፋል። በ156 ብትሸጥ 7,380 ብር ታተርፋለህ፣ ወደ 11 በመቶ ማለት ነው። 15ቱን ከፈለግህ ወይ ስትገዛ በርካሽ ግዛ፣ ወይ 6 ብሯን በማበጠር ድካምህ አስረዳ።

ሸማቹ፦ ለማበጠር 6 ብር እኔ አልከፍልም። ሰፌድ ቤቴ አለ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦ እኔ እከፍላለሁ። በቀን አንድ ኩንታል ቁጭ ብዬ የማበጥርበት ጊዜ የለኝም። ብቻ ስንቱ ማኛ ስንቱ ሰርገኛ እንደሆነ ይነገረኝ። ቀለሙ ተለውጦ ሲወጣ ደንበኛው የሚጠይቀው እኔን ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ 4 በመቶውንም በግምት አትያዘው። አንዱን ኩንታል ከመበጠሩ በፊትና በኋላ መዝነው። ሰባት በመቶ ከወጣ 156ቱም 162ቱም ይቀየራሉ።