16 በመቶ ብለውኝ ሳሰላው 13.76 ሆነ፤ ትሬዠሪ ቢሉን ልፈርም ወይስ ልተው?

ባሶና (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ባንክ ሄጄ ስለ ትሬዠሪ ቢል፣ መንግሥት ለአጭር ጊዜ ስለሚበደርበት ሰነድ፣ ስጠይቅ 16 በመቶ ያስገኛል አሉኝ። የሰጡኝ ወረቀት ላይ ግን 431,197 ብር ትከፍላለህ፣ ጊዜው ሲደርስ 500,000 ትወስዳለህ ይላል። ልዩነቱ 68,803 ነው። በ500,000 ሳካፍለው 13.76 በመቶ ብቻ መጣ። የዋጋ ንረቱ ደግሞ 13 ገደማ ነው ይባላል። ታዲያ ትርፉ የት አለ? ፎርሙን ነገ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት አምጣ ብለውኛል። ሊያታልሉኝ ነው?

የመንዝ ሰው
ልጄ፣ ብር የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በሐምሌ 2016 ምን እንደሆነ ረሳኸው? በባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። ብር ይዞ የተኛ ሰው ምን አገኘ? በግ ግዛ፣ መሬት ግዛ። የመንዝ በግ ወለዱን ራሱ ወልዶ ያመጣልሃል።

ሒሳብ ሠራተኛ
ባሶና፣ የስንት ቀን ሰነድ ነው? የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለ። ይህን ካልነገርከን ማንም በትክክል ሊመልስልህ አይችልም።

ባሶና
የዓመት ነው እንጂ! 364 ይላል። ሌላም እንዳለ አልነገሩኝም።

አንጎለላ
ነገሩ ቀላል ነው። ከ16 ላይ 13 ቀንስ፣ 3 በመቶ እውነተኛ ትርፍ አለህ። ፈርም።

እታገኝ ከሸዋ ሮቢት
ስለ ቦንድ ከተነሳ እኔም ልጠይቅ። በ2003 ዓ.ም. ግድቡ ሲጀመር ከደሞዜ እየተቆረጠ የገዛሁት ቦንድ አለኝ። ያኔ ለአምስት ዓመቱ 5.5፣ ከዚያ በላይ ለሚቆየው 6 በመቶ ወለድ ነበር። ለሀገር ብዬ ነው የገዛሁት፣ ደስ እያለኝ። ግን በዚያ ብር ያኔ በግ ይገዛ ነበር። አሁን ወለዱን ጨምሬ ብወስደው ስንት ኪሎ ሥጋ ይገዛልኛል? ገንዘቡን ለማውጣትስ ምን ይዤ ልሂድ?

ሒሳብ ሠራተኛ
መጀመሪያ ለባሶና። አላታለሉህም። ያካፈልክበት ቁጥር ነው የተሳሳተው። ትሬዠሪ ቢል ወለድ እየቆጠረ አይከፍልህም። በቅናሽ ትገዛዋለህ፣ ሲያልቅ ሙሉውን ትወስዳለህ። ስለዚህ ከኪስህ የሚወጣው 500,000 ሳይሆን 431,197 ነው። 68,803ን በ431,197 አካፍለው፤ 15.96 በመቶ ይመጣል። ከ16 ትንሽ ያነሰው 364 ቀን ከዓመት በአንድ ቀን ስለሚያንስ ነው።

አሁን ንረቱን አስገባ። የዛሬው 431,197 ብር የሚገዛውን ዕቃ ከዓመት በኋላ ለመግዛት፣ ንረቱ 13 በመቶ ቢሆን፣ 487,253 ብር ያስፈልግሃል። አንተ የምታገኘው 500,000 ነው። ተራፊው 12,747 ነው፣ እሱም በሚመጣው ዓመት ዋጋ። በዛሬ አቅም ሲታይ 11,280 ብር ገደማ ነው። ከከፈልከው ጋር ሲነጻጸር 2.6 በመቶ ማለት ነው። ትርፍ ነው፣ ግን ቀጭን ነው።

ያው ገንዘብ በ7 በመቶ ቁጠባ ቢቀመጥ 461,381 ይሆን ነበር። ንረቱን ለመቋቋም ከሚያስፈልገው ወደ 26,000 ብር ይጎድለዋል። ቢሉ የሚሻለው ከዚህ ጋር ስታወዳድረው ነው።

አንጎለላ፣ መቀነስ የሚያስኬደው ቁጥሮቹ ትንሽ ሲሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 20 በመቶ ያህሉን የ5 ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ሲታዘዙ ወለዱ 9 በመቶ ነበር። ንረቱ ደግሞ ከ30 በላይ ነበር። 33 ብለን እንያዝ። በመቀነስ ካሰላኸው 24 በመቶ ኪሳራ ይመጣል። በትክክል ግን 109ን በ133 ታካፍላለህ። የመግዛት አቅሙ በዓመት 18 በመቶ ነው የወረደው። ያም ቢሆን ብዙ ነው።

ታክሲ ሾፌር
በ431,197 አካፍለው ወንድሜ፣ 15.96 ነው።

አንጎለላ
እሺ፣ በ18ቱ ተስማምቻለሁ። ግን 13 የምንለው ያለፈው ዓመት ንረት ነው። ባሶና የሚገዛው የሚመጣውን ዓመት ነው። ነዳጅ ቢጨምርስ?

ሒሳብ ሠራተኛ
ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። በዚህ ሰነድ ትርፍና ኪሳራን የሚለየው መስመር 15.96 ነው። የሚመጣው ዓመት ንረት ከዚያ በታች ከሆነ ታተርፋለህ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ትከስራለህ። 20 ቢሆን 517,436 ያስፈልግህ ነበር፤ 17,436 ይጎድልሃል። ወለዱ ዛሬ ይወሰናል፣ ንረቱ ግን ገና አልመጣም። አጭሩን የ91 ቀን የሚመርጥ ሰውም ለዚህ ነው የሚመርጠው። ወለዱ ከጨመረ በየ3 ወሩ በአዲሱ ይገዛል፣ ከወረደ ግን ያጣል። የ91 ቀኑ 14 በመቶ ነው ቢሉህ እጅህ የሚገባው 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 14 ማለት በዓመት ተሰልቶ ነው።

የመንዝ ሰው
እናንተ ቁጥር ስትቆጥሩ በጉ ይወልዳል።

ሒሳብ ሠራተኛ
ጋሼ፣ በጉም ይወልዳል፣ መኖም ይበላል፣ ይታመማልም። ባሶና ጠባቂ ካለው ጥሩ ነው። ደሞዝተኛ ሆኖ ሌላ ሰው ላይ ከጣለው ግን ስሌቱ ይለወጣል።

ባሶና፣ አሁን የኔ ጥያቄ፦ ገንዘቡን መቼ ትፈልገዋለህ? ለምን?

ባሶና
ለቤት ነው። ግድግዳው አልቋል። ክረምት ሳይገባ፣ ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ማልበስ አለብኝ። እስከዚያ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ
ይህን ቀድመህ ብትነግረን ኖሮ! እንግዲያው የ364 ቀኑ ላንተ አይሆንም። አሁን ጥር ነው፤ ሰኔ ላይ ገንዘቡ ታስሮ ይቀርሃል። ከጥር 2017 ወዲህ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፣ ሰነድ መሸጥ አይቻልም አልልህም። ግን በፈለግከው ቀን ገዥ መገኘቱን፣ ዋጋውም ከገዛህበት አለመውረዱን የሚያረጋግጥልህ የለም። ከገዛህበት በላይ ወለድ የሚፈልግ ገዥ ከመጣ ዋጋውን ያወርድብሃል።

ሁለተኛ፣ ላንተ የሚለካው ንረት ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ጠቅላላው አይደለም። እዚያ ውስጥ ምግብ ትልቅ ድርሻ አለው። አንተ ጤፍ አትገዛበትም፣ ቆርቆሮና ብረት ነው የምትገዛው። ዛሬ ወደ ሱቁ ግባና የምትፈልገውን ቆርቆሮና ምስማር በሙሉ በዝርዝር አስጽፍ። ወደ ኋላ ካስታወሱ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ስንት ይሸጡት እንደነበር ጠይቅ። ያንን ከ16 ጋር አወዳድር።

ታክሲ ሾፌር
ቆርቆሮውን አሁኑኑ ግዛው፣ አለቀ።

አንጎለላ
እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ግን ጠባቂ ያለው ማስቀመጫ ካለው ነው። ባዶ ግድግዳ ውስጥ ቆርቆሮ ሲቆለል ሌባ ያያል። የሰፈሩን ሁኔታ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ
ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እኔ መወሰን አልችልም። ቢል ከፈለግህ የ91 ቀኑ እስከ ሰኔ ይደርስልሃል። ነገ ከ4 ሰዓት በፊት ባንኩን ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ለ91 ቀን ዝቅተኛው መጠን ስንት ነው፣ የአገልግሎት ክፍያስ ምን ይቆረጣል? 2.6 በመቶ ላይ ትንሽ ክፍያ ብዙ ይበላል። ሁለተኛ፣ የጻፉልህ 16 የተረጋገጠ ነው ወይስ ግምት? ቢል በጨረታ ነው የሚሸጠው። ከፍ ያለ ወለድ ብለህ ከጻፍክ ላይደርስህ ይችላል፤ ዝቅ ብለህ ከጻፍክ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው 431,197 ከፍ ይላል።

እታገኝ፣ የቦንዱን ወረቀትና መታወቂያ ይዘሽ የገዛሽበት ባንክ ሂጂ። ወለዱ የተጠራቀመ ከሆነ በጽሑፍ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። መጠኑን ከነገርሽን እዚህ አብረን እናሰላዋለን።

እታገኝ ከሸዋ ሮቢት
እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱ እናቴ ጋ አጣዬ ነው ያለው። ከዚያ አስመጥቼ እጽፋለሁ።

አንጎለላ
ባሶና፣ 4 ሰዓት አለፈ። ፈረምክ?