ሙሉ ዶሮ በኦቭን፦ የቱን ዶሮ፣ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ? (ጥቆማ)

የሰሚቷ

እሁድ የባለቤቴ እህቶች ለምሳ ይመጣሉ። ወጥ ሰልችቷቸዋል ብዬ ሙሉ ዶሮ አሮስቶ አበላችኋለሁ አልኳቸው። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ የሠራሁት ግን አሳፈረኝ። 1 ኪሎ ከ400 ግራም የሚመዝን የበረዶ ዶሮ ነው። ጠዋት ከፍሪዘር አወጣሁት፣ ለወጥ እንደማደርገው በሎሚና በጨው አጥቤ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ለጋ ቅቤ ቀብቼ፣ ትሪው ላይ ትንሽ ውሃ ጨምሬ፣ በፎይል ሸፍኜ 180 ላይ 1 ሰዓት አቆየሁት። ቆዳው የተቀቀለ መሰለ፤ ነጭ ሆኖ ሲስቡት ይለጠጣል። ታፋው ጋ አጥንቱ አጠገብ ደም ስላየሁ መልሼ ሌላ 40 ደቂቃ ከተትኩት። ደረቱ እንጨት ሆነ። ዶሮውን ከየት ልግዛ? ወይስ ኦቭኔ ነው?

የሾላ ደንበኛ

ችግሩ ዶሮው ነው። የፈረንጅ ዶሮ ምን ጣዕም አለው? ሾላ ገበያ ሂጂና ደህና የሀበሻ ዶሮ ምረጪ። እዚያው አርደው፣ ገፈው ይሰጡሻል። ኦቭንም ሆነ ድስት፣ ዋናው ዶሮው ነው።

ሆቴል ኩሽና 11 ዓመት

በጣዕሙ እስማማለሁ። ለኦቭን ግን የሀበሻ ዶሮ አትግዢ። ብዙ ሮጦ ያደገ፣ ስቡ ትንሽ፣ ጡንቻው ጠንካራ ነው፤ የሚለሰልሰው ወጥ ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ ነው። በደረቅ ሙቀት አንድ ሰዓት ቢቆይ ጥርስ ይሰብራል። ደግሞ «ገፈው ይሰጡሻል» ያልከው ራሱ ነው ጣጣው። ለወጥ ቆዳው ይገፈፋል፤ እሷ የምትፈልገው ቆዳውን ነው።

ከ1 ኪሎ ከ200 እስከ 1 ኪሎ ከ600 የሆነ የሥጋ ዶሮ ይሻልሻል። ሱፐርማርኬት የኤልፎራም ሆነ የሌላ እርባታ ዶሮ ስታገኚ ከስሙ ይልቅ ቆዳውን እዪ። ደረቱ ላይ ከተቀደደ ሥጋው እዚያ ጋ ይደርቃል። ከረጢቱ ውስጥ ብዙ በረዶ ካለም ተዪው፤ የምትከፍዪው ለውሃ ነው።

ኦቭንሽ ላይ ከመፍረድሽ በፊት የሠራሽውን አንድ በአንድ እንየው። ዘፈዘፍሽው፣ ትሪው ላይ ውሃ አደረግሽ፣ በፎይል ሸፈንሽ። ሦስቱም እንፋሎት ናቸው። ቆዳ ላዩ ላይ ውሃ እስካለ ድረስ አይጠበስም፤ ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ለጋ ቅቤም ውስጡ ውሃ አለው። ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ተጠቀሚ።

ዓርብ ማታ ከፍሪዘር አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ለመቅለጥ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ቅዳሜ ማታ በወረቀት ሶፍት ውስጡንም ውጭውንም ጥርግ አድርጊ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው በሙሉ እሺው። ከዚያ ሳትሸፍኚው ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይደር። ጠዋት ቆዳው ብራና መስሎ፣ ጣት የማያረጥብ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያኔ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል።

ቤኪንግ አፍቃሪ

ጨው ላይ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት፣ እንደ ቺፕስ ነው የሚንኮሻኮሸው!

ሆቴል ኩሽና 11 ዓመት

ሶዳ አይደለም፣ ቤኪንግ ፓውደር። ሶዳው ይመራል፣ ሳሙና ሳሙናም ይላል። ፓውደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ከጨው ጋር ተደባልቆ ጥሩ ነው፤ በደንብ ካደረቅሽው ግን ባይኖርም አይጎድልሽም።

እማማ ከሳሪስ

ልጄ፣ ሳይታጠብ? እኔ ሎሚና ጨው ያልነካው ዶሮ አልበላም። የሚሸተውስ ሽታ?

ሆቴል ኩሽና 11 ዓመት

እማማ፣ በቧንቧ ሲታጠብ የሚረጨው ውሃ ነው ጀርሙን ሲንኩና ሰላጣው ላይ የሚያዳርሰው። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው። ግን ካልታጠበ አልበላም ለሚል ሰው አልሟገትም። ቅዳሜ ከሰዓት ሎሚዎን ያሹት፣ ያለቅልቁት፣ ከዚያ ያድርቁት። መዘፍዘፉን ብቻ ይተዉልኝ።

እማማ ከሳሪስ

ይሁን እንግዲህ። እኔ ግን ሁለቴ አጥባለሁ።

የሰሚቷ

እሺ፣ ሰዓቱስ? ዲግሪውስ?

ሆቴል ኩሽና 11 ዓመት

200 ዲግሪ፣ ላይና ታች የሚያበራው። በየ500 ግራሙ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ጨምሪ። ያንቺው 1 ኪሎ ከ400 ለዶሮው 56፣ ሲደመር 20፣ 76 ደቂቃ ይሆናል። ማራገቢያ ያለው ኦቭን ከሆነ 180 አድርጊው። ምሳ 7 ሰዓት ከሆነ 5 ሰዓት ላይ ኦቭኑን አብሪ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ክተቺው፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። 15 ደቂቃ ሳትቆርጪው ይረፍ። ሲያርፍም አትሸፍኚው፤ የደከምሽበት ቆዳ እንደገና ይረጥባል።

ሰዓቱ ግን ግምት ነው፤ ቁርጡን የሚነግርሽ የሥጋ ቴርሞሜትር ነው። የሆቴል ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ጠይቂ፤ ቁጥር የሚያሳየው በባትሪ የሚሠራው ከባለ መርፌው ይፈጥናል። ታፋው ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ ውጊው። ደረቱም ታፋውም 74 ካለፉ በስሏል። ታፋው 80 ቢደርስ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። አጥንቱ አጠገብ ያየሽው ቀይ ጥሬነት ላይሆን ይችላል። የሥጋ ዶሮ ሲታረድ ገና ጫጩት ስለሆነ፣ በተለይ በረዶ ሲሆን፣ የመቅኒው ቀለም ወደ ውጭ ይወጣል። ቀለሙን አምነሽ ነው ደረቱን ያደረቅሽው።

ዘመድ ከቨርጂኒያ

እኔ እዚህ የምገዛው ውሃ ውስጥ ሳይሆን በአየር የቀዘቀዘ የሚል ምልክት ያለበትን ነው። ትንሽ ይወደዳል ግን ቆዳው ከመነሻው ደረቅ ነው። እኔ መጀመሪያ 20 ደቂቃ 220፣ ከዚያ 180 አደርጋለሁ። ከ200 ጋር አወዳድሬው ልዩነቱን ለይቼ አላወቅኩም፣ እውነቱን ለመናገር።

ኮንዶ 4ኛ ፎቅ

የኔ የጠረጴዛ ኦቭን ነው፣ ትንሿ። 200 ሳደርግ የላይኛው ሽቦ ደረቱን ያሳርረዋል። ምን ልግዛ?

ሆቴል ኩሽና 11 ዓመት

አዲስ ኦቭን ሳይሆን የኦቭን ቴርሞሜትር ግዛ፣ ፍርግርጉ ላይ የሚሰቀለውን። ማዞሪያው ላይ ያለው ቁጥር ውሸት ሊሆን ይችላል፤ የቤቴ ኦቭን 200 ሲል ውስጡ 170 ነበር። ለትንሿ ዶሮውን ታችኛው እርከን ላይ አድርግ። ወይም ጀርባውን በመቀስ ቆርጠህ እንደ መጽሐፍ ዘርጋው፤ ከሽቦው ይርቃል፣ በ45 ደቂቃ ገደማም ይደርሳል። በርበሬና ሚጥሚጣ ከላይ አትነስንስ፣ ይቃጠላል። በንጥር ቅቤ ለውሰህ ቆዳው ሥር በጣት አስገባው።

የኤሌክትሪክ ተጠቂ

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ?

የሰሚቷ

በላን! መብራት ለትንሽ ደቂቃ ብቻ ጠፍቶ መጣ፤ በሩን አልከፈትኩም። 76 ደቂቃ ላይ ታፋው 69 ስላለ 10 ደቂቃ ጨመርኩ። ኦቭኔም ትንሽ ይዋሻል መሰለኝ። የደረቱ ቆዳ በቢላ ሲነካ ቀሽ ቀሽ አለ፣ ትልቋ እህት ቆዳውን ብቻዋን ጨረሰችው። ከታች ትሪውን የነካው ጀርባ ግን እርጥብ ነበር። እሱን ምን ላድርገው?

ዘመድ ከቨርጂኒያ

ወፍራም የድንች ቁራጭ ላይ አስቀምጪው። ጀርባው ትሪውን አይነካም፣ ድንቹም የዶሮውን ስብ ይጠጣል።

እማማ ከሳሪስ

ሽንኩርትም ይሆናል። ታጥቦ ነበር ግን?