የሌሊት ጡጦን እንዴት አስጣላችሁ?

እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ልጄ 1 ዓመት ከ7 ወሯ ነው። ጡጦ አፏ ውስጥ ካልገባ አትተኛም። ወተቱ ላይ ስኳር ጣል አደርግ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሰሞኑን ከንፈሯን ገለጥ ሳደርግ በላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ላይ፣ ድዱ ሥር፣ ነጭ መስመር አየሁ። የታችኞቹ ደህና ናቸው። ሐኪሟ እንዳለችው እነሱን ምላስና ምራቅ ይከልላቸዋል፤ ላይኞቹ ላይ ግን ወተቱ ያድራል፣ በእንቅልፍ ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል። ነጩ መስመር ሊድን ይችላል፣ ጥርሱ ከተቦረቦረ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም አለችኝ።

ስኳሩን ትቻለሁ። ማታ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እቦርሽላታለሁ። ወተቱንም በየጥቂት ቀኑ በውሃ እያቀጠንኩ ግማሽ በግማሽ ደረስኩ። እዚህ ላይ ግን ጩኸቷ ጎረቤት ቀሰቀሰ! በዚሁ ልቀጥል ወይስ በአንዴ ውሃ ብቻ ልስጣት?