በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ የመጀመሪያው ደረሰኝም «ድጋሚ» እየተባለ ነው

ሰላም። ድሬዳዋ ላለ የእህል መጋዘን የገቢ ደረሰኞችን የምመዘግብበት የኤክሴል ሠንጠረዥ አለ። ቁጥሩ ዓምድ B ላይ ነው፤ ርዕሱ «ደረሰኝ» ይባላል። መጀመሪያ የተመዘገበው ሳይነካ ሁለተኛውና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብቻ እንዲለይ ዓምድ C ላይ ይህን ጽፌያለሁ፦

```
=IF(COUNTIF($B$2:B2,B2)>1,"ድጋሚ","")
```

ያሉት ረድፎች ላይ በትክክል ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከታች አዲስ ረድፍ ሲጨመር ነው። መጨረሻው ረድፍ 301 ሆኖ 302ን ስጨምር፣ C301 ላይ የነበረው `$B$2:B301` በራሱ ወደ `$B$2:B302` ይለወጣል። ስለዚህ 4417 በረድፍ 301 ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ በ302 ቢደገም፣ ሁለቱም «ድጋሚ» ይባላሉ። ትክክለኛውን ደረሰኝ እንደ ተደጋጋሚ አይቶ መሰረዝ ደግሞ ሒሳቡን ያዛባል፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ቀመሩን ከላይ እንደገና ወደ ታች ስቀዳው ይስተካከላል፣ ቀጣዩ ረድፍ ሲገባ ግን ይመለሳል። ሠንጠረዡን ወደ ተራ ሬንጅ ስቀይረው መለወጡ ይቆማል፤ ነገር ግን ቀመሩ አዲስ ረድፍ ላይ በራሱ መሞላቱ ስለሚቀር መዝጋቢዎቹ ይረሱታል።

ሠንጠረዡን ሳላፈርስ፣ በ`[@ደረሰኝ]` ዓይነት አጻጻፍ፣ ከዓምዱ የመጀመሪያ ሴል ጀምሮ እያንዳንዱ ረድፍ ራሱ ላይ የሚያበቃ ሬንጅ ለ`COUNTIF` እንዴት ልስጠው?